ቼኩ ለተመለሰበት ደንበኛ የሚጻፈውን መልእክት ስለ ማረም

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የምናየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደንበኛ የሰጣችሁ ቼክ ከባንክ ሳይከፈል ሲመለስ የምትልኩለትን የመጀመሪያ መልእክት። ይህን ለይቼ የያዝኩት ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚቆም ነው። ደንበኛው ሲመልስላችሁ የሚመልሰው ለዚያ መልእክት ነው፤ ጠበቃ ዘንድ ብትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ከቼኩ ጎን የሚቀርበው ወረቀት እሱ ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በንዴት ሰዓት፣ በስልክ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው።

አንድ ጉዳይ እንያዝና እስከ መጨረሻው እንከተለው። የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ አለ እንበል። አንድ የሱቅ ባለቤት ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ቀለምና ሴራሚክ ወሰደና ኅዳር 1 ቀን የተጻፈበት የብር 86,400 ቼክ ሰጠ። አከፋፋዩ ቼኩን ረቡዕ ኅዳር 3 ቀን ባንክ አስገባ፤ ባንኩ በሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ የለም ብሎ መለሰው። ደንበኛው አዲስ ሰው አይደለም፤ ለዓመታት ሲገዛ የቆየ፣ ከዚህ በፊት ሲከፍል የኖረ ነው። ስሙን አቶ እገሌ እንበለው።

የአከፋፋዩ የሒሳብ ሠራተኛ በዚያው ቀን ይህን ጻፈች እንበል፦

«አቶ እገሌ፣ የሰጡን ቼክ ደረቅ ሆኖ ተመልሷል። ከእርስዎ እንዲህ ያለ ነገር አንጠብቅም ነበር። በሰው ገንዘብ መቀለድ ጥሩ አይደለም። በአስቸኳይ ካልከፈሉ ጉዳዩን ለፖሊስ እንሰጣለን፣ በገበያውም ስምዎን እናሳውቃለን።»

ይህን ከመነካካታችን በፊት አንድ ሥራ ይቀድማል፤ እሱም ባንኩ ከቼኩ ጋር የመለሰውን ማስታወሻ ማንበብ ነው። ቼክ የሚመለሰው ገንዘብ በማጣት ብቻ አይደለም። ፊርማው ባንክ ካለው ናሙና ጋር ላይገጥም ይችላል። በፊደል የተጻፈው ብርና በአኃዝ የተጻፈው ሊለያዩ ይችላሉ። ሁለት ፈራሚ የሚያስፈልገው ሒሳብ ሆኖ አንዱ ብቻ ፈርሞ ይሆናል። ቀኑ ላይ ስርዝ ድልዝ ይኖራል፤ ወይም አንዱ በእኛ አቆጣጠር ሌላው በፈረንጆቹ አስቦ ዓመቱ ይዘበራረቃል። እነዚህ ሁሉ የጽሕፈት ጉድለቶች ናቸው፤ ለእነሱ የሚጻፈው መልእክት «ቼኩ በዚህ ምክንያት ስላልተስተናገደ በአዲስ ይተኩልን» የሚል ሁለት መስመር ነው እንጂ የክፍያ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ሰውየው ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ሳለ «ደረቅ ቼክ ሰጡን» ብትሉት ጥፋቱ የእናንተ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ሁሉ ክብደት ያጣል።

ማስታወሻው «ክፍያው በሒሳቡ ባለቤት ትእዛዝ ታግዷል» የሚል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው የዕቃ ቅሬታ አለ፦ ሴራሚኩ ተሰባብሮ ደረሰ፣ የቀለሙ ቁጥር ተሳሳተ፣ ዕቃው ጎደለ። እዚያ ላይ መጀመሪያ መጠየቅ እንጂ መጠየፍ አያስፈልግም። «ሒሳቡ ተዘግቷል» የሚል ከሆነ ግን የተሰጠው ጊዜ ማጠር አለበት፤ እዚያ ያንኑ ቼክ እንደገና በማቅረብ የሚገኝ ነገር የለም። በያዝነው ጉዳይ ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት ነው፤ ስለዚህ ወደ ጽሑፉ እንሂድ።

የሠራተኛዋ መልእክት የጎደለው ጨዋነት ብቻ መስሎ ይታያል። ደጋግማችሁ ስታነቡት ግን ጥንካሬም የለውም፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። የቼኩ ቁጥር የለም። የገንዘቡ መጠን የለም። መቼ ባንክ እንደ ቀረበ፣ ባንኩ ምን እንዳለ የለም። «በአስቸኳይ» ማለት ዛሬ ነው? ሳምንት ነው? በምን መንገድ፣ በየትኛው ሒሳብ ይክፈል? አቶ እገሌ በዚያው ቀን ሊከፍል ቢነሣ እንኳ መልሶ መደወል አለበት። ሦስት ቼክ ሰጥቶ ከሆነ የትኛው እንደ ተመለሰ አያውቅም። ጩኸቱን አውጥተን ብንጥለው ከመልእክቱ የሚቀረው «ቼክ ተመልሷል፣ ክፈል» የሚሉ ሦስት ቃላት ብቻ ነው።

ከዚያ ክሱ አለ። «በሰው ገንዘብ መቀለድ» የሚለው ሐረግ የሰውየውን ሐሳብ እናውቃለን ይላል። አናውቅም። እሱ ራሱ ከሌላ ሰው የተቀበለው ቼክ ሳይመነዘር ቀርቶበት ይሆናል፤ ገቢው ኅዳር 3 ሳይሆን ኅዳር 5 ሊገባ ይችላል። ወይም በእርግጥ ሆን ብሎ ይሆናል። መልእክቱ ይህን መወሰን አያስፈልገውም፤ ገንዘቡ በየትኛውም ምክንያት ይከፈላል። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ ስለ ቼኩ እንዲናገር አድርጉት። «ቼኩ ለባንክ ቀርቦ በሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ ባለመኖሩ ሳይከፈል ተመልሷል» ስትሉ ሊያስተባብለው የማይችለውን ነገር ተናግራችኋል። «ደረቅ ቼክ ሰጡን» ስትሉ ግን ሰውየው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ ክብሩ መከራከር ይጀምራል፤ የመልስ ስልኩም በእሱ ይያዛል።

ፖሊስን በተመለከተ፦ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 የሚያዝበት ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ማውጣትን ወንጀል አድርጎታል፤ ቅጣቱም እንደ ነገሩ ክብደት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ይህን ሁሉም ነጋዴ ያውቃል፤ አቶ እገሌም ያውቃል። ታዲያ በመጀመሪያው መልእክት መጻፉ ምን ይጨምራል? ምንም፤ ይልቁንም ይጎዳል። ክስ የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ እንጂ ባለ ዕቃው አይደለም፤ ስለዚህ በእጃችሁ ያልሆነውን ነገር እንደ መሣሪያ ታስፈራሩበታላችሁ። የፈራ ሰው ደግሞ የሚደውለው ለእናንተ ሳይሆን ለጠበቃው ነው። የወንጀሉ መንገድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሲያስፈልግ ግን በጠበቃ ምክር፣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል።

«ስምዎን በገበያው እናሳውቃለን» የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ አውጡት፤ በሁለተኛውም በሦስተኛውም መልእክት አይግባ። የቼኩን ፎቶ በነጋዴዎች የቴሌግራም ቡድን ላይ መለጠፍ ወይም ለሰውየው ሠራተኛና ዘመድ መላክ እናንተን በስም ማጥፋት ሊያስጠይቃችሁ የሚችል ሥራ ነው። ገንዘብ ተበድሎ ቆሞ ሳለ ተከሳሽ መሆን ትልቅ ኪሳራ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ተቆጣው መልእክት ነው። በእኛ ዘንድ ግን ሌላም ዓይነት አለ፤ ይበልጥ የተለመደና ይበልጥ የሚጎዳ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛዋን «ይህማ ስድብ ነው፣ ደንበኛ እናጣለን፣ አለሳልሺው» ይላታል፤ እሷም እንዲህ ትጽፋለች፦

«ውድና የተከበሩ ደንበኛችን አቶ እገሌ፣ በቅድሚያ ስለምናስቸግርዎ ከፍ ያለ ይቅርታ እንጠይቃለን። በባለፈው የሰጡንን ቼክ በተመለከተ ባንክ ላይ ትንሽ ችግር የገጠመ ይመስላል። ሲመችዎ ቢመለከቱልንና የሚቻል ከሆነ ቢያስተካክሉልን ደስ ይለናል። እግዚአብሔር ይስጥልን።»

ይህ ጨዋ ይመስላል፤ ነገር ግን ምንም አልጠየቀም። «ባንክ ላይ ትንሽ ችግር» ማለት ሐሰት ነው፤ ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። ይቅርታ የጠየቀው ገንዘቡ የተያዘበት ሰው ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን «ሲመችዎ» የሚለው ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1772 እንደሚለው አንዱ ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ መብቱን ለመጠየቅ በመሠረቱ መጀመሪያ እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ አለበት፤ ቀጥሎም በአንቀጽ 1774 ማስጠንቀቂያው ላይ ተገቢ የሆነ ጊዜ መወሰን እንደሚቻል ይናገራል። «ሲመችዎ» ያላችሁት ሰው ከሁለት ወር በኋላ «እኔኮ ሲመችህ ተብዬ ነው የቆየሁት» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ለስላሳው መልእክት ማስጠንቀቂያ ሆኖ እንዳያገለግል አድርጋችሁ፣ በገዛ እጃችሁ ጊዜ ሰጥታችሁታል።

ስለዚህ ማረም ማለት ከቁጡው ላይ ቁጣውን ከለስላሳው ላይ ልስላሴውን ቆርጦ መሐል መገናኘት አይደለም። ጨዋነቱና ጥንካሬው የሚቀመጡት በተለያየ ቦታ ነው። ጨዋነቱ ለሰውየው በምትናገሩበት መንገድ ላይ ይሁን፤ ጥንካሬው በመጠኑ፣ በቀኑና በሚቀጥለው እርምጃ ላይ። «እርስዎ» የሚለው እስከ መጨረሻው ይቆይ፤ በንዴት መሐል ወደ «አንተ» የሚወርድ መልእክት ምን ቢጻፍበት አይታመንም። በሌላ በኩል «86,400» እና «ሐሙስ» በምንም ትሕትና አይሸፈኑ።

በዚህ መንገድ የታረመው መልእክት ይህን ይመስላል። ዓርብ ኅዳር 5 ቀን የሚላክ ነው፦

«ክቡር አቶ እገሌ፣ እንደምን ሰነበቱ።

ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ለወሰዱት የቀለምና የሴራሚክ ዕቃ የሰጡን፣ ቁጥሩ 00417362 የሆነና ኅዳር 1 ቀን የተጻፈበት የብር 86,400 (ሰማንያ ስድስት ሺህ አራት መቶ) ቼክ ረቡዕ ኅዳር 3 ቀን ለባንክ ቀርቦ በሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ ባለመኖሩ ሳይከፈል ተመልሷል። የቼኩንና የባንኩን ማስታወሻ ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዘናል።

ብር 86,400 እስከ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ከታች በተጠቀሰው የድርጅታችን ሒሳብ በማስተላለፍ ወይም በሲፒኦ እንዲከፍሉን እንጠይቃለን። ክፍያው እንደ ደረሰን ደረሰኝ እንሰጥዎታለን፤ ዋናውን ቼክም እንመልስልዎታለን።

በዚህ ቀን ሙሉውን ለመክፈል የሚያግድዎ ነገር ካለ፣ መቼና ስንት እንደሚከፍሉ እስከ ሰኞ ኅዳር 8 ቀን ድረስ በጽሑፍ ያሳውቁን።

ይህ ሒሳብ እስኪዘጋ ድረስ አዲስ ዕቃ በዱቤም በቼክም መስጠት አንችልም። በተባለው ቀን ክፍያው ካልተፈጸመ ወይም ከእርስዎ ምላሽ ካላገኘን በሕግ ያለንን መብት ለማስከበር የምንገደድ መሆኑን በአክብሮት እናሳውቃለን።

ከሰላምታ ጋር»

ከዚህ በታች የድርጅቱ ስም፣ የጻፈው ሰው ስምና የሥራ ድርሻ፣ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የሒሳቡ ስም ይገባል። የሒሳቡን ስም አትርሱ፤ የሚያስተላልፈው ሰው በሞባይል ስልኩ ላይ ስሙን ካላየ ይጠራጠራል፤ ሲጠራጠር ደግሞ አንድ ቀን ይባክናል።

አሁን ጥቂት ቦታዎችን ጠጋ ብለን እንይ። መጀመሪያ ቀኑ። ከዓርብ ኅዳር 5 ማግስት እስከ ሐሙስ ኅዳር 11 ቅዳሜን ጨምሮ አምስት የባንክ ሥራ ቀናት አሉ። ይህ ገንዘብ ለማሰባሰብ ይበቃል፣ ለመርሳት ግን አይበቃም። «በአንድ ሳምንት ውስጥ» ብትሉ ሰውየው ከመቼ ጀምሮ ይቆጥራል? ከተጻፈበት? ካነበበበት? ስለዚህ ዕለቱን፣ ቀኑን፣ ዓመቱንና ሰዓቱን ጻፉ። ዓርብ ኅዳር 12 ማድረግ ይቀል ነበር፤ ግን ኅዳር 12 የሚካኤል ንግሥ ነው፤ ብዙ ነጋዴ ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ ቤተ ክርስቲያን ይውላል። የክፍያ ቀን ስትቆርጡ የቀን መቁጠሪያውን እንዲህ ባለ ዓይን እዩት። በዓል ላይ የዋለ ቀን ለሰውየው ሰበብ፣ ለእናንተ ደግሞ ቅሬታ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የመክፈያ መንገዱ። ሌላ ቼክ አልተጠየቀም። የተመለሰን ቼክ በሌላ ቼክ መተካት ያንኑ ጥያቄ ለሌላ ሁለት ሳምንት ማስተላለፍ ነው። ሲፒኦ ግን ባንኩ ገንዘቡን አስቀድሞ ቀንሶ የሚሰጠው ስለሆነ አይመለስም፤ ማስተላለፉም ወዲያውኑ ይታያል። ደንበኛው «ገንዘብ አስገብቻለሁ፣ ያንኑ ቼክ እንደገና አቅርቡት» ሊል ይችላል። ይህ ይቻላል፤ የንግድ ሕጉ ቼክ የሚቀርብበትን ጊዜ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር አድርጎታል፤ ይህ የ1952ቱ ሕግ የቼክ ክፍል በ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ አልተሻረም። ነገር ግን በቃል ብቻ ተነሥታችሁ አታቅርቡት። ያስገባበትን ማስረጃ በፎቶ ይላክላችሁ፤ ከቻላችሁ ሰውየው ራሱ አብሯችሁ ባንኩ ይሂድ። ያው ቼክ ሁለት ጊዜ ቢመለስ ለሰውየውም በባንኩ ዘንድ ይከብድበታል፤ ከእናንተም ጋር ያለው ነገር ይበላሻል።

ሦስተኛ፣ «በሕግ ያለንን መብት ለማስከበር» የሚለው። ጥንካሬው በቂ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። በቂ ነው። ይህን የሚያነብ ነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ቼክ በእጁ የያዘ ሰው በአጠረ ሥርዓት የሚታይ ክስ ማቅረብ እንደሚችልም ያውቃል። ከዚህ በላይ ዝርዝር መጻፍ እናንተን በዝርዝሩ ያስራችኋል፦ «ኅዳር 13 ክስ እንመሠርታለን» ብላችሁ ኅዳር 20 ካልመሠረታችሁ፣ ቀጣዩን መልእክታችሁን እንደ ወሬ ያየዋል። የማታደርጉትን አትጻፉ። የዕቃውን እገዳ ግን በግልጽ ጻፉ፤ ምክንያቱም እሱ ዛሬውኑ በእጃችሁ ያለ፣ የምታደርጉትም ነገር ነው። ለብዙ ሱቅ ባለቤቶች ከክሱ ይልቅ የሚሰማው የዱቤው መዘጋት ነው።

ወለድን ለምን አልጻፍንም? የፍትሐ ብሔር ሕጉ የገንዘብ ዕዳ የዘገየበትን ሰው ከማስጠንቀቂያው ጀምሮ ወለድ ያስከፍላል፤ ልኩም በአንቀጽ 1751 በዓመት 9 በመቶ ነው። በ86,400 ብር ላይ ይህ በዓመት 7,776 ብር፣ በቀን 21 ብር ገደማ ነው። ለአምስት ቀን መቶ ሰባት ብር ገደማ የሚሆን ነገር በመጀመሪያው መልእክት ማንሣት ስስታም ያስመስላል። መብቱ ግን አይጠፋም፤ መልእክቱ ቀን ያለው ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ወለዱ የሚቆጠርበት ቀን ተይዟል። ነገሩ ወራት ከወሰደ ያን ጊዜ ይጠየቃል። ባንኩ ቼኩ በመመለሱ ከእናንተ ላይ የቆረጠው ክፍያ ካለ ደግሞ ማስረጃውን አያይዛችሁ ጨምሩት፤ ማስረጃ የሌለው «የመጉላላት ክፍያ» አትፍጠሩ።

«በቂ ገንዘብ ባለመኖሩ» የሚለው ቃል በቃል የባንኩን ማስታወሻ መከተል አለበት። ማስታወሻው «ከሒሳቡ ባለቤት ጋር ይነጋገሩ» ብቻ የሚል ከሆነ መልእክቱም እሱን ብቻ ይበል። የቼኩም ቀን እንዲሁ ነው። በእኛ ጉዳይ ቼኩ የተጻፈበት ቀን ካለፈ በኋላ ነው የቀረበው፤ ስለዚህ ችግር የለም። ኅዳር 15 ለሚል ቼክ በኅዳር 3 ሄዳችሁ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ምንም እንኳ ሕጉ ቼክን በቀረበበት ቀን የሚከፈል ቢያደርገውም፣ ከሰውየው ጋር የነበረውን ስምምነት ያፈረሳችሁት እናንተ ናችሁ። ያን ጊዜ ይህን መልእክት መላክ የለባችሁም።

አላላኩም የራሱ ወግ አለው። መጀመሪያ ስልክ ይደወል፤ ድምፅ ሳይሰማ ወረቀት የደረሰው ደንበኛ ቅር ይለዋል፣ ተገቢም ነው። ስልኩ አጭር ይሁን፦ ሰላምታ፣ ቼኩ መመለሱ፣ ምክንያቱ፣ «በጽሑፍ እልክልዎታለሁ»። በስልክ ሳለ መደራደር አትጀምሩ። ከዚያ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ መልእክቱ በግል ቴሌግራም ወይም በኢሜይል ይላክ፤ የታተመና ማኅተም ያለበት ቅጂም በሰው እጅ ይድረሰው። ተቀባዩ በእናንተ ቅጂ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን እንዲያኖር አድርጉ። አልፈርምም ካለ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላክ። ቼኩ የድርጅት ከሆነ አድራሻው ለድርጅቱ ሆኖ «ለሥራ አስኪያጁ» ይባላል፤ ዕዳው የድርጅቱ ሆኖ ሳለ ለግለሰብ የተጻፈ ደብዳቤ በኋላ ያጨቃጭቃል። በመደብሩ ለሚሠራው ልጅ፣ ለባለቤቱ ወይም ለወንድሙ አይሰጥ፤ ጉዳዩ የእሱ ነው።

መልሱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ወይ «ነገ» ነው፣ ወይ ከፊል ክፍያ ነው፣ ወይ ዝምታ ነው። «ነገ እከፍላለሁ» ላለ ሰው በደግነት ግን በጽሑፍ መልሱለት፦ «አመሰግናለሁ፣ እንዳሉት ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን ብር 86,400 እንጠብቃለን።» የእሱ ቃል በቀንና በብር ተመዝግቦ ተቀመጠ ማለት ነው።

በከፊል እከፍላለሁ ካለ እምቢ ለማለት አትቸኩሉ። አቶ እገሌ ሰኞ ኅዳር 8 ደውሎ «አሁን 40,000 አለኝ፣ ቀሪውን በሁለት ሳምንት» አለ እንበል። እንዲህ ብላችሁ ላኩለት፦

«ዛሬ በስልክ እንደ ተነጋገርነው ከብር 86,400 ውስጥ ብር 40,000 ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን፣ ቀሪውን ብር 46,400 ደግሞ ሐሙስ ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ለመክፈል ተስማምተዋል። የመጀመሪያው ክፍያ በቀኑ ካልገባ ይህ ስምምነት ቀርቶ ሙሉው ገንዘብ ወዲያውኑ ይከፈላል። ዋናው ቼክ ሙሉው ክፍያ እስኪጠናቀቅ ድረስ በእኛ ዘንድ ይቆያል። ከተስማሙ ‹ተስማምቻለሁ› ብለው ይመልሱልን።»

«ተስማምቻለሁ» የሚለውን መልስ ሳታገኙ ነገሩ አለቀ አትበሉ። በእያንዳንዱ ክፍያ ጊዜ ደረሰኝ ቁረጡና ደረሰኙ ላይ «ከቼክ ቁጥር 00417362 ላይ የተከፈለ ከፊል ክፍያ» ብላችሁ ጻፉ፤ አለዚያ ሌላ ዕቃ የከፈለበት ነው የሚል ክርክር ይነሣል።

ዝምታ ከሆነ ሐሙስ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሁለተኛው መልእክት ይሄዳል፤ ከአንደኛው ያጠረ መሆን አለበት። አዲስ ቁጣ አይጨመርበት፤ አዲሱ ነገር ቀኑ ማለፉ ብቻ ነው፦

«ክቡር አቶ እገሌ፣ በኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በጻፍንልዎ ደብዳቤ የጠየቅነው ብር 86,400 በተወሰነው ቀን አልተከፈለም፤ ምላሽም አላገኘንም። ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያችን ነው። እስከ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ካልተከፈለ ጉዳዩን ለጠበቃችን እናስተላልፋለን። ከሰላምታ ጋር»

ሁለተኛው ላይ «ለጠበቃችን» የተባለው ስለምታደርጉት ነው። ጠበቃ ከሌላችሁ ወይም መሄድ ካላሰባችሁ ይህን ዐረፍተ ነገር አትጻፉት። ኅዳር 16 ካለፈ ሦስተኛ መልእክት የለም፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የምትይዙት ዋናው ቼክ፣ የባንኩ የመመለሻ ማስታወሻ፣ የሽያጭ ደረሰኙና ዕቃውን የተረከበበት ፊርማ፣ የሁለቱ ደብዳቤዎች «ደርሶኛል» ያለባቸው ቅጂዎች፣ የቴሌግራሙም ልውውጥ ነው። ቀን አታባክኑ፤ በቼኩ ላይ የሚቀርብ ክስ ጊዜ ገደብ አለው።

አንድ የቀረ ነገር ዋናው ቼክ ነው። ደንበኛው መልእክቱ ከደረሰው በኋላ «ቼኩን ስጡኝና ገንዘቡን አምጥቼ እሰጣችኋለሁ» የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሲያፍር ቼኩን ከእጃችሁ ማውጣት ይፈልጋል። ያንን ወረቀት ከሰጣችሁ በእጃችሁ ያለው ፎቶ ብቻ ይሆናል። በጨዋነት «ክፍያው እንደ ገባ በዚያው ቅጽበት ይመለስልዎታል» በሉት። ገንዘቡ በሒሳባችሁ ላይ መታየቱን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ቼኩን በሁለት መስመር አቋርጣችሁ «ተከፍሏል» ብላችሁ ጻፉበት፣ ቅጂ አስቀሩ፣ አስፈርማችሁ ስጡት፤ የዱቤ እገዳውም በዚያው ዕለት መነሣቱን ንገሩት።